ክብደቷ ጥሩ ነው፤ ቁመቷስ?

አምና ለእንቁጣጣሽ የተገዛው ቀሚስ ዘንድሮም ልኳ ነው። ወገቡ ላይ ትንሽ ጠበብ ብሏል፤ ርዝመቱ ግን እንደ አምናው ከጉልበቷ በታች ይደርሳል። ኑሮ በተወደደበት ጊዜ የአዲስ ልብስ ወጪ መቅረቱ ለቤቱ እፎይታ ነው። የአራት ዓመት ልጅ ቀሚስ ግን በአንድ ዓመት ውስጥ ማጠር ነበረበት።

ልጅቷ ለምሳሌ ያመጣኋት ናት፤ በኮልፌ ቀራንዮ፣ አለም ባንክ አካባቢ እንደምትኖር አድርገን እናስባት። እናቷ ታናሽ ወንድሟን ልታስከትብ ጤና ጣቢያ ስትሄድ እሷንም ይዛ ሄደች። ሚዛን ላይ ቆመች፤ 15.9 ኪሎ። «ክብደቷ ጥሩ ነው» ተባለች። እውነት ነው፤ ለአራት ዓመት ሴት ልጅ መካከለኛው ክብደት 16 ኪሎ አካባቢ ነው። እናትየው ግን ቀሚሱን አልረሳችምና «ሲስተር፣ ቁመቷንም ብትለኪልኝ» አለች። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ጥያቄ ነው።

በሀገራችን የሕፃናት ዕድገት ክትትል ሲባል ቶሎ የሚታሰበው ሚዛን ነው። ሚዛን ቀላል ነው፤ አንድ ሰው ብቻውን ይሠራበታል፤ ልጅ ሲታመምም ሲራብም ፈጥኖ ያሳያል። ቁመት ግን ሰሌዳ፣ ሁለት ሰውና ትዕግሥት ይፈልጋል። ከሁለት ዓመት በታች ያለ ሕፃን ተኝቶ ነው የሚለካው፤ አንዱ ሰው ጭንቅላቱን ከሰሌዳው ጫፍ ጋር ያስነካል፣ ሌላው ጉልበቱን ቀጥ አድርጎ የእግሩን መዳፍ ከተንቀሳቃሹ እንጨት ጋር ያገጥማል። ከሁለት ዓመት በላይ ያለው ባዶ እግሩን ይቆማል፤ ተረከዙ፣ መቀመጫውና ትከሻው ሰሌዳውን ይነካሉ። ሹሩባ ካላት፣ በተለይ አናቷ ላይ ተጠቅልሎ የታሰረ ከሆነ፣ መፈታት አለበት። ጠጉር ላይ ያረፈ መለኪያ አንድና ሁለት ሴንቲ ሜትር በከንቱ ይጨምራል፤ በዚህ ዕድሜ ይህ የወራት ዕድገት ነው። ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ፤ አንድ ልጅ ተኝቶ ሲለካ ቆሞ ከሚለካው 0.7 ሴንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል። ሁለቱ አለካኮች ካርዱ ላይ ከተቀላቀሉ ያላጠረ ልጅ ያጠረ ይመስላል።

ዕድሜም እንደ ቁመቱ በትክክል መታወቅ አለበት። የልደት ቀን በእኛ አቆጣጠር ተጽፎ የዕድገት ቻርቱ በፈረንጅ ሲሰላ፣ ወይም እናት «ለጥምቀት ሰሞን ነው የወለድኩት» ብላ በግምት ሲጻፍ፣ ነጥቡ ወደ ቀኝ ወይም ወደ ግራ ይሸሻል። የአንድ ዓመት ሕፃን በወር ከአንድ ሴንቲ ሜትር በላይ ስለሚያድግ የአንድ ወር ስሕተት ትንሽ አይደለም። የክትባት ካርዱ ካለ ከሁሉ ይታመናል።

አሁን ወደ ቻርቱ እንምጣ። ጎን ለጎን እየጎበጡ የሚወጡት መስመሮች ፐርሰንታይል ይባላሉ። ቃሉ ከፈተና ውጤት ጋር ስለሚመሳሰል ብዙ ወላጅ ያስደነግጣል፤ «3ኛ ፐርሰንታይል» ሲባል ልጁ ከመቶ ሦስት ያገኘ ይመስላቸዋል። የትምህርት ቤትን የጠዋት ሰልፍ እናስታውስ። ባንዲራ ሲሰቀል አጭሩ ከፊት፣ ረጅሙ ከኋላ ይቆማል። አንድ ዓይነት ዕድሜ ያላቸው መቶ ጤነኛ ሴት ልጆች እንዲህ ቢሰለፉ 50ኛው መስመር መሐል ላይ ያለችውን ያሳያል። 3ኛው መስመር ላይ ያለች ልጅ ከፊት ሦስተኛ ናት፤ ሰልፉ ውስጥ ግን ናት። ከመቶ ጤነኛ ልጆች ሦስቱ የግድ እዚያና ከዚያ በታች ይሆናሉ፤ አንድ ሰው ከፊት መቆሙ አይቀርምና።

«ቻርቱ ለፈረንጅ ልጅ የተሠራ ነው» የሚል ተቃውሞ በየጊዜው ይሰማል። ዛሬ የምንጠቀምበትን የዓለም ጤና ድርጅት በ2006 እ.ኤ.አ. ያወጣው ከ1997 እስከ 2003 በብራዚል፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በኖርዌይ፣ በኦማንና በአሜሪካ ወደ 8,500 የሚጠጉ ሕፃናት ተለክተው ነው። የተመረጡት ጡት የጠቡ፣ እናቶቻቸው የማያጨሱና ኑሯቸው ለጤና የሚመች ልጆች ነበሩ። የአክራና የኦስሎ ልጆች በመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት ቁመታቸው እጅግ ተቀራራቢ ሆኖ ተገኘ። ጥሩ የበላና ያልታመመ ሕፃን የትም ቢወለድ በዚህ ዕድሜ በተመሳሳይ ፍጥነት ያድጋል ማለት ነው፤ ለኮልፌም ልጅ ሚዛኑ ይኸው ነው።

እንግዲህ የልጅቷን ካርድ እንክፈት። ሁለት ዓመት ሲሞላት ቆማ 84 ሴንቲ ሜትር ነበረች፤ በ15ኛውና በ50ኛው መስመር መካከል፣ ምንም የማያሳስብ። ሦስት ዓመት ሲሞላት 90 ሆነች፤ ከ15ኛው መስመር በታች ወርዳለች። አሁን በአራት ዓመቷ፣ ሹሩባዋ ተፈትቶ፣ 93.5 ናት። 3ኛው መስመር በዚህ ዕድሜ 94.6 አካባቢ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 6፣ በሁለተኛው 3.5 ሴንቲ ሜትር ብቻ ጨምራለች።

አንዱን ነጥብ ብቻ ያየ ሰው «አጭር ናት» ብሎ ያልፋል። ሦስቱን በመስመር ያገናኘ ሰው ግን ሌላ ነገር ያያል፤ መስመሯ ሁለት የቻርቱን መስመሮች ቆርጦ ወደ ታች ወርዷል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ዓመታት መስመር መቀየር ሊያጋጥም ይችላል፤ ትልቅ ሆኖ የተወለደ ልጅ ወደ ወላጆቹ ቁመት ሲስተካከል ይወርዳል። ከሁለት ዓመት በኋላ ግን ጤነኛ ልጅ በአብዛኛው በያዘው መስመር ይሄዳል፤ ከዚያ የወጣ ልጅ ምክንያት ይፈለግለታል።

የጎረቤቷን ልጅ ብናይ ልዩነቱ ይገለጣል። እሱም አጭር ነው፤ በሁለት ዓመቱ 81.8፣ በሦስት 89.5፣ በአራት 95.7። ሦስቱም ነጥቦች ከ3ኛው መስመር ጥቂት ከፍ ብለው ተሰልፈዋል። አባቱ 160፣ እናቱ 148 ሴንቲ ሜትር ናቸው። ለወንድ ልጅ የወላጆቹን ቁመት ደምረን፣ 13 ጨምረን ለሁለት ብናካፍል 160.5 ይመጣል፤ ለሴት ልጅ 13 ይቀነሳል። ይህ ልጅ ወደ ቤተሰቡ ቁመት በወጉ እየሄደ ነው። ደም መቅዳትም ሆነ ራጅ አያስፈልገውም፤ በየስድስት ወሩ መለካት ብቻ ይበቃዋል። በእኔ እምነት፣ ይህን ልጅ ከመርፌ ማዳን ልጅቷን ወደ ምርመራ ከመላክ እኩል የቻርቱ ሥራ ነው።

ልጅቷ ላይ ሁለተኛ ፍንጭ አለ፤ ቁመቷ ሲወርድ ክብደቷ በቦታው ነው። ምግብ ያነሰው ወይም በተቅማጥ የተጎዳ ልጅ መጀመሪያ ኪሎው ይወርዳል፣ ቁመቱ የሚቆመው ከዚያ በኋላ ነው። አስቀድሞ ቁመት ቆሞ ክብደት ሳይጓደል፣ እንዲያውም ደንደን ሲል፣ ሐኪም በመጀመሪያ የሚያስበው ስለ ሆርሞን ነው፤ በተለይም አንገት ላይ ስላለው ታይሮይድ ዕጢ። እናትየው ስትጠየቅ ሌላም ነገር ይወጣል፤ ሆዷ ይደርቃል፣ በክረምት ከሌሎች ልጆች ይልቅ ይበርዳታል፣ ቆዳዋ ቅባት አይበረክትለትም፣ «ጨዋ ልጅ ናት፣ አትሯሯጥም»። ይህን ጨዋነት እናት እንደ መልካም ጠባይ ነበር ያየችው።

ይህ ፍንጭ ሳይታይ የሚቀርበት ምክንያት እዚሁ አካባቢያችን ነው። በ2016 እ.ኤ.አ. የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 38 በመቶ የሚሆኑት ቀንጭረው ነበር፤ በአማራ ክልል 46፣ በአዲስ አበባ 15 በመቶ። መቀንጨር የተባለው ጤነኛ ልጆች ውስጥ ከመቶ ሁለት የሚያህሉት ብቻ ከሚገኙበት መስመር በታች መሆን ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ውስጥ እንኳ አብዛኛው ያጠረ ልጅ ያጠረው ከምግብ እጥረትና ከሚደጋገም ኢንፌክሽን ነው። እጥረት እንዲህ ሲበዛ ግን ማንኛውም አጭር ልጅ «አመጋገቧን አሻሽሉ» ተብሎ ይሸኛል፤ በክኒን የሚስተካከል በሽታ ያለባት ልጅም ከእነሱ ጋር ተቆጥራ ትቀራለች። የክንድ መለኪያው ቴፕም አይረዳትም፤ እሱ የሚይዘው የከሳን ልጅ ነው፣ እሷ አልከሳችም።

ታዲያ ይበልጥ መመርመር የሚገባው የትኛው ልጅ ነው? ቁመቱ ከ3ኛው መስመር በታች የሆነ፣ ከሁለት ዓመት ዕድሜ በኋላ መስመር እየቆረጠ የወረደ፣ ወይም ከወላጆቹ ቁመት ከሚጠበቀው እጅግ ያነሰ ልጅ። ከሁሉ የሚበልጠው ምልክት ግን ፍጥነት ነው። ከሁለት እስከ አራት ዓመት በዓመት ከ5.5፣ ከዚያ እስከ ስድስት ከ5 ሴንቲ ሜትር በታች የሚያድግ ልጅ ቁመቱ ምንም ያህል ቢሆን መታየት አለበት። ፍጥነት የሚሰላው ግን ቢያንስ በስድስት ወር ልዩነት ነው፤ በአንድ ወር ልዩነት ሲለካ የለኪው እጅ ስሕተት ከልጁ ዕድገት ይበልጣል።

ምርመራውም በጥያቄ ይጀምራል፤ በስንት ወሯ ተወለደች፣ ምን ትበላለች፣ ተቅማጥ፣ ሳል፣ ቤት ውስጥ ቲቢ የታከመ አለ? ከዚያ የደም ማነስ፣ የኩላሊት፣ የሽንትና የሰገራ ምርመራ፣ የታይሮይድ ሆርሞን፣ እንደ አስፈላጊነቱም የግራ እጅ ራጅ ይታዘዛል። ራጁ የአጥንትን ዕድሜ ያሳያል፤ የአራት ዓመት ልጅ አጥንት የሁለት ዓመት መስሎ ከታየ ገና የሚያድግበት ጊዜ አለው ማለት ነው። ሴት ልጅ ያለ ግልጽ ምክንያት ካጠረች ደግሞ የክሮሞዞም ምርመራ ይታሰባል፤ ተርነር የሚባለው ችግር አንዳንዴ ከማጠር በቀር ሌላ ምልክት የለውምና። ጤና ጣቢያው ይህን ሁሉ አይሠራም፤ ወደ ሆስፒታል ይልካል፣ የሆርሞን ችግር ከተጠረጠረም ጥቁር አንበሳ የሕፃናት ሆርሞን ክሊኒክ አለው። እናትየው ከመሄዷ በፊት የቆዩትን ካርዶች ሁሉ መሰብሰብ አለባት፤ ያለ ቀደሙት ነጥቦች ሐኪሙ ፍጥነትን ለማወቅ ሌላ ስድስት ወር መጠበቅ ይኖርበታል።

በምሳሌያችን የልጅቷ ታይሮይድ ሰንፎ ተገኘ። በየጠዋቱ ምግብ ሳትቀምስ የምትወስደው አንዲት ትንሽ ክኒን ታዘዘላት፤ መጠኑ በየጥቂት ወሩ ደሟ እየታየ ይስተካከላል። እንዲህ ያለ ልጅ ክኒኑን ሲጀምር የቀረበትን ለማካካስ ከዕድሜው በላይ ይመዘዛል። አምስት ዓመት ሲሞላት 103.5 ሆናለች እንበል፤ በአንድ ዓመት 10 ሴንቲ ሜትር። ነጥቧ ከ3ኛው መስመር ወጥቶ ወደ 15ኛው ተጠግቷል፣ የእንቁጣጣሹም ቀሚስ ከጉልበቷ በላይ ቀርቷል።