“እናንተስ?” ለሚል ጥያቄ የሚሆን መልስ

አንዲት የምግብ ዝግጅት ቻናል ያላት ሴት በየጠዋቱ ለተከታዮቿ አንድ ጥያቄ ታወጣለች እንበል። የዛሬው “እንጀራችሁ ዓይን አላወጣ ሲላችሁ ምን ታደርጋላችሁ?” የሚል ነው። ከሥሩ የሚጻፈውን ሁላችንም እናውቀዋለን፦ “በርቺ እህቴ”፣ “ዋው”፣ ሦስት የልብ ምልክት፣ “እኔም ቻናል አለኝ ግቡልኝ”። ሲመሽ መልሱ በዝቷል፤ እንጀራው የተበላሸባት ሴት ግን የምትይዘው ነገር አላገኘችም።

ጠያቂዋ የፈለገችው ምስጋና ቢሆን ኖሮ ጥያቄ ባላስፈለጋት ነበር። የፈለገችው ከየቤቱ የሚመጣ ልምድ ነው፤ ነገ ምን እንደምትሠራም የምታውቀው ከዚያ ነው። ስለዚህ መልስ የሚጽፍ ሰው ራሱን አንድ ነገር ይጠይቅ፦ እኔ ያየሁት፣ ሌላው ያላየው ምን አለ?

አንዷ ተከታይ በመጀመሪያ “አብሲት መጣል ነው” ብላ ጻፈች እንበል። መልሱ ትክክል ነው፤ ግን የሚያውቀው ሰው ያልፈዋል፣ የማያውቀው ሰው አይገባውም። መቼ? ምን ያህል? በምን ሁኔታ? ሦስቱ ሲጨመሩበት መልሱ እንዲህ ይሆናል፦

“እኔ ያለሁት አዲስ አበባ ነው፤ ክረምት ሲሆን ሊጡ ቶሎ አይቦካልኝም፣ ዓይኑም ይደፈናል። ሁለት ቀን ይበቃኝ የነበረውን ሦስት ቀን አቆየሁት። ከዚያ ላዩ ላይ የቀረረውን ውኃ ቀዳሁና፣ አንድ ጭልፋ ሊጥ በፈላ ውኃ አማስዬ አብሲት ጣልኩ። ቀዝቀዝ ሲል መልሼ ቀላቅዬ ኩፍ እስኪል ጠበቅሁ። ዓይኑ ተስተካከለልኝ። የኔ ጤፍ ብቻ ነው፤ ከሩዝ ዱቄት ጋር የምትደባልቁ አብሲቱን ትቀንሳላችሁ ወይስ እንዳለ ነው?”

ይህን የሚያነብ ሰው የሚይዘው ነገር አለው። ብርዱ፣ ቀኑ፣ ጭልፋው ተነግሮታል፤ ስለዚህ ከራሱ ቤት ጋር ያመሳክረዋል። “የኔ ጤፍ ብቻ ነው” የምትለው አጭር ቃልም ብዙ ትሠራለች። ምክሩ እስከ የት እንደሚሠራ ትናገራለች፤ በሌላ ዱቄት የሚጋግረውንም “ተሳስተሃል” ሳትለው ትጋብዘዋለች።

ጨዋታውን የሚያስቀጥለው የመጨረሻው ጥያቄ ነው፤ ግን ጥያቄ ሁሉ ሰው አያናግርም። “እናንተስ ምን ትላላችሁ?” የሚለው ጠያቂዋ ራሷ ያለችውን መድገም ነው። “አይመስላችሁም?” የሚለው ደግሞ “አዎ” ተብሎ ያልቃል። “ትቀንሳላችሁ ወይስ እንዳለ ነው?” የሚለው ግን አሜሪካ ሆና ጤፍና ሌላ ዱቄት ደባልቃ በኤሌክትሪክ ምጣድ የምትጋግረውን ሴት በስሟ የጠራት ያህል ነው። መልሱን ታውቀዋለች፤ ለመጻፍም ሁለት መስመር ይበቃታል። ጥሩ ጥያቄ የሚባለው እንዲህ ጠበብ ያለና መላሹ ከገዛ ቤቱ ሊመልሰው የሚችል ነው።

ርዝመቱም ይታሰብበት። ዩቲዩብም ሆነ ፌስቡክ ረዘም ያለውን ጽሑፍ አጥፈው መጀመሪያውን ብቻ ያሳያሉ። ስለዚህ ችግሩና ቦታው በመጀመሪያው መስመር ይግባ፤ “ሰላም ውድ እህቴ እንዴት ነሽ ሁሌም እከታተልሻለሁ” የሚለው ቦታውን ከያዘው ዋናው ነገር ተደብቆ ይቀራል። ሰላምታው አይቅር፤ አንድ ቃል ይበቃዋል።

መልስ ከጻፉ በኋላ ጥሎ መሄድ ብዙ ጊዜ የሚታይ ጥፋት ነው። አንዲት ሴት “እኔ እቀንሳለሁ፣ ግን እንጀራው በማግስቱ ይደርቅብኛል” ብላ ስትመልስ “እሺ አመሰግናለሁ” ማለት ጨዋታውን ይዘጋዋል። “ሲወጣ ትሸፍኚዋለሽ ወይስ እስኪበርድ ትጠብቂያለሽ?” ብሎ የተናገረችውን ነገር ይዞ መጠየቅ ግን ያስቀጥለዋል። የሚጻፈውም እዚያው በሷ መልስ ሥር ይሁን፤ ሌላ ቦታ ከተጻፈ ላታየው ትችላለች።

የራስን ቻናል ማስታወቂያ ወይም ሊንክ እዚያ ማስቀመጥም አይገባም። ጥያቄው የወጣው በሌላ ሰው ቤት ነው፤ እንግዳ ደግሞ በተጋበዘበት ቤት ገበያ አይዘረጋም። ያልሞከሩትን ከሌላ ቦታ ሰምቶ እንደ ራስ ልምድ መጻፍ ከዚህ ይብሳል። አንዷ አምና ዱቄቷን ታበላሻለች።

መልሱ መሥራቱ በላይክ ብዛት አይለካም። “እኔ ጋ ግን እንዲህ ነው” ብሎ የራሱን ልምድ የጨመረ ሰው ከመጣ ሠርቷል። ነገ ጠዋት ጥያቄው ሲወጣ የልብ ምልክቱን ከመላክዎ በፊት በእጅዎ የሠሩትን አንድ ነገር ያስታውሱ፤ እሱን ይጻፉ፤ ያልገባዎትንም ይጠይቁ።