«ለምን 384?» ከዲፌንስ በፊት ያለው ሳምንት

ዲፌንስ አንድ ሳምንት ሲቀረው ብዙ የማስተርስ ተማሪ የሚይዘው ሥራ ተመሳሳይ ነው። ጽሑፉን ከመጀመሪያው ገጽ ጀምሮ ደጋግሞ ያነባል፣ ስላይዱን ያሳምራል፣ ሌሊቱን ያጋምሳል። በእኔ እምነት ግን በዚያ ሳምንት ከማንበብ ይልቅ የሚጠቅመው በሰው መጠየቅ ነው።

ሮዲገርና ካርፒኪ የተባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2006 ባሳተሙት ጥናት ተማሪዎችን አጭር ጽሑፍ አስነበቡ። ከዚያ ገሚሱ ደግሞ አነበበው፤ ገሚሱ ወረቀቱን ትቶ ያስታወሰውን ጻፈ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ። ከሳምንት በኋላ ግን በግልጽ የበለጡት ከራሳቸው አውጥተው የጻፉት ናቸው። ደጋግሞ ማንበብ «አውቀዋለሁ» የሚል ስሜት ይሰጣል፤ ፈታኝ ፊት የሚያስፈልገው ግን ከራስ ማውጣት መቻል ነው።

አንድ ጥያቄ እንውሰድ። ተማሪዋ በአንድ ወረዳ ምን ያህል እናቶች በጤና ተቋም እንደሚወልዱ አጥንታለች እንበል። ናሙናዋ 384 ነው፤ መልስ ለማይሰጡ 10 በመቶ ጨምራ 423 አድርሳዋለች። የውጭ ፈታኙ «ለምን 384?» ይላታል። «ቀመሩ ነው» ብትል ጥያቄው አያልቅም። ቁጥሩ የመጣው ከሦስት ምርጫዎች ነው፦ 95 በመቶ የመተማመን ደረጃ፣ 5 በመቶ የስህተት ወሰን፣ እና በተቋም የሚወልዱት ግማሽ ያህሉ ናቸው የሚል ግምት። ግማሽ የሚወሰደው ቀደም ያለ ጥናት ሲታጣ ነው፤ ትልቁን ናሙና የሚሰጠው እሱ ነውና። ችግሩ የሚመጣው ራሷ ምዕራፍ ሁለት ላይ በአጎራባች ወረዳ 30 በመቶ ያገኘ ጥናት ጠቅሳ ከሆነ ነው። በዚያ ቢሰላ ናሙናው 323 ይሆን ነበር። «የሁለቱ ወረዳዎች የመንገድና የጤና ጣቢያ ሁኔታ ስለሚለያይ የሚበልጠውን መረጥኩ» ብላ መመለስ የምትችለው አስቀድማ ካሰበችበት ብቻ ነው። እንዲህ ዓይነቱን ክፍተት ደግሞ ደራሲዋ ብቻዋን ስታነብ አታየውም፤ ከሌላ ትምህርት ክፍል የመጣ ጓደኛ ቶሎ ያየዋል።

ስለዚህ ልምምዱ ሰው ፊት፣ ቆሞ፣ በስልክ ሰዓት ተይዞ ይሁን። የተሰጠው ጊዜ 20 ደቂቃ ከሆነ በልምምድ 17 ላይ መጨረስ ይሻላል፤ ፕሮጀክተሩ እስኪገናኝ የሚባክን ጊዜ አለ። ሰዓት የሚያልፍበት ሰው ብዙውን ጊዜ መግቢያው ላይ ቆይቶ ውጤቱን በሩጫ ያልፋል፤ መቀነስ ያለበትም መግቢያው ነው። ዲፌንሱ በእንግሊዝኛ ከሆነ መልሱም በእንግሊዝኛ ጮክ ተብሎ ይለመድ። በአማርኛ ከጓደኛ ጋር በደንብ ያስረዱት ነገር መድረክ ላይ ቃል ሊያጥረው ይችላል። በቃል መያዝ የሚገባው የመክፈቻው ሁለት ሦስት ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው፤ ሁሉንም የሸመደደ ሰው መሀል ላይ አንድ ቃል ከጠፋው መመለሻ ያጣል።

አንድ ነገር ደግሞ በቀላሉ ይረሳል። ፈታኞች ጥያቄያቸውን በገጽ ቁጥር ይጠራሉ። ለእነሱ ከተላከ በኋላ ፋይሉ ላይ እርማት ከገባ ገጹ ይንሸራተታል፤ «ገጽ 34» ሲባል ተማሪው ሌላ ነገር እያየ ይደናገራል። ይዞ መግባት ያለበት የተላከውን ያንኑ ቅጂ ነው።

ወደ እንቅልፍ ስንመጣ፣ ቡና የሚጠጣበት ሰዓት ከሚታሰበው በላይ ይወስናል። የካፌይን ግማሹ ከሰውነት ለመውጣት በአማካይ 5 ሰዓት ያህል ይፈጅበታል። ከቀኑ 10 ሰዓት የተጠጣ ቡና ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ግማሹ ገና ሥራ ላይ ነው። በጫት ለማምሸት የሚሞክርም ያነበበው የሚረጋበትን እንቅልፍ እያጣ ነው። ዲፌንሱ ጠዋት 3 ሰዓት ከሆነ ከአራት አምስት ቀን በፊት ጀምሮ በአንድ ሰዓት መተኛትና መነሳት ይበጃል። በመጨረሻዋ ሌሊት እንቅልፍ እንቢ ቢል ግን አያስደንግጥ፤ ቀደም ባሉት ሌሊቶች በደንብ የተኛ ሰው በአንድ መጥፎ ሌሊት የሚያውቀው አይጠፋበትም።

ልብ መምታቱና እጅ ማላቡ የአድሬናሊን ሥራ ነው፤ «ተረጋጋ» በሚል ትእዛዝ አይቆምም። አሊሰን ዉድ ብሩክስ እ.ኤ.አ. በ2014 ባሳተመችው ጥናት፣ ንግግር ከማድረጋቸው በፊት «ጓጉቻለሁ» እንዲሉ የተደረጉት «ተረጋግቻለሁ» ካሉት የተሻለ ተናግረዋል። ሰውነቱ ቀድሞ ተነቃቅቷልና ከመነቃቃት ወደ ጉጉት መሻገር ወደ እርጋታ ከመውረድ ይቀላል። ትንፋሽን ከሚስቡበት አስረዝሞ ማስወጣትም የልብ ምትን ያዘገያል።

ጥያቄ ሲመጣ እስከ መጨረሻው ሰምቶ ዋናውን ቃል መጻፍ ጥሩ ነው፤ አንዳንድ ፈታኝ አምስት ጥያቄ በአንድ ትንፋሽ ይደረድራል፣ አራተኛው ደግሞ በቀላሉ ይዘነጋል። መልሱ ከጥናቱ ወሰን ውጭ ከሆነ «ይህን አልለካሁም፤ ያለኝ መረጃ እስከዚህ ድረስ ነው» ማለት ከመቀባጠር እጅግ ይሻላል፤ ፈታኙ ቀጥሎ የሚጠይቀው የተቀባጠረውን ነውና። የሚታረሙትን ነጥቦች ደግሞ ከገጽ ቁጥራቸው ጋር የሚመዘግብ ጓደኛ ከኋላ ይቀመጥ፤ አቅራቢው ራሱ ሁሉንም ላያስታውስ ይችላል።