ማዶ ያለው ሱቅ ዋጋ ሲሰብር

ባለ 5 ሊትር ዘይት ከጅምላ በ1,100 ብር አምጥቶ በ1,200 የሚሸጥ አንድ ባለሱቅ እናስብ። ቁጥሮቹን የመረጥኳቸው ለሒሳብ እንዲመቹ ነው። በሳምንት 100 ጀሪካን ይሸጣል፤ ከእያንዳንዱ 100 ብር፣ በድምሩ 10,000 ብር ያተርፋል። አንድ ቀን ማዶ ያለው ሱቅ ያንኑ ዘይት በ1,150 መሸጥ ይጀምራል። ወሬውን ለማድረስ ደንበኛ ይሽቀዳደማል። ባለሱቁም ብዙ ጊዜ ሳያሰላ፣ በእልህ፣ እሱም 1,150 ይላል።

የቀነሰው 50 ብር ከዋጋው አንጻር ትንሽ ነው፤ ከ4 በመቶ ብዙም አይበልጥም። ትርፉ ግን ከ100 ወደ 50 ወረደ። አንድም ደንበኛ ባይሄድበት እንኳ በሳምንቱ መጨረሻ የሚቆጥረው 5,000 ብር ነው። ዋጋውን ሳይነካ ዝም ቢልስ? ከመቶው ደንበኛ ሃምሳው ወደ ማዶ ቢሻገር፣ የቀሩት ሃምሳዎች ያንኑ 5,000 ብር ያስገኙለታል። የሚሻገሩት ሠላሳ ብቻ ከሆኑ 7,000 ብር ይቀርለታል። እንግዲህ ዝም ማለቱ የሚጎዳው ከግማሽ በላይ ደንበኛ ሲያጣ ብቻ ነው። ያን ያህል ሰው ለ50 ብር ብሎ አስፋልት ይሻገራል ወይ የሚለውን ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም።

ስሌቱ ይኸው ነው፦ ተፎካካሪው የቀነሰውን ብር፣ እኛ ከአንድ ዕቃ በምናገኘው ትርፍ እናካፍለዋለን። ውጤቱ ስንት ደንበኛ እስኪሄድ ድረስ መታገስ እንደሚያዋጣ ይነግረናል። 50 ለ100 ሲካፈል ግማሽ ነው። በ600 ብር የመጣ ሸሚዝ በ1,000 የሚሸጥ ነጋዴ ግን ትርፉ 400 ነው። ጎረቤቱ 50 ብር ቢቀንስበት፣ 50 ለ400 ሲካፈል አንድ ስምንተኛ ይመጣል፤ ከስምንት ገዢ ከአንድ በላይ የሚሄድበት ከሆነ አብሮ መቀነሱ ይሻለዋል። ብዙ ነጋዴ የሚያደርገው የዚህን ተቃራኒ ነው። ትርፉ የሳሳበት ሰው ደንግጦ ቶሎ ይቀንሳል፤ ዳጎስ ያለ ትርፍ ያለው ደግሞ ኮርቶ ይዘገያል።

በዚህ ስሌት ላይ አንድ ነገር መጨመር አለበት። ዘይት ሊገዛ የመጣ ሰው ስኳርም ሳሙናም ይዞ ይሄዳል። ከእነዚህ 150 ብር የሚገኝ ከሆነ፣ አንድ ደንበኛ ሲሄድ ባለሱቁ የሚያጣው 100 ሳይሆን 250 ብር ነው። 50 ለ250 ሲካፈል አንድ አምስተኛ ይሆናል፤ ትዕግሥቱ ከሃምሳ ደንበኛ ወደ ሃያ አጠረ ማለት ነው። የሱቅ ኪራይና የሠራተኛ ደመወዝ ግን እዚህ ውስጥ አይገቡም። ደንበኛ ቢሄድም ባይሄድም ይከፈላሉና።

ይህ ሁሉ በትልቅ ገበያ ላይ ምን እንደሚመስል ለማየት እ.ኤ.አ. በ1993 ለንደን ላይ ከተነሣው የጋዜጦች የዋጋ ጦርነት የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። በዚያ ዓመት መስከረም የሩፐርት መርዶክ ጋዜጣ «ዘ ታይምስ» ዋጋውን ከ45 ሳንቲም ወደ 30 አወረደ (ሳንቲም የምለው የእንግሊዙን ፔኒ ነው)። ታይምስ ያኔ በቀን 350 ሺህ ቅጂ ገደማ ነበር የሚሸጠው። የገበያው መሪ «ዴይሊ ቴሌግራፍ» አንድ ሚሊዮን ያህል ቅጂ፣ በ48 ሳንቲም ይሸጥ ነበር። ሌሎች ሁለት ተፎካካሪዎችም ነበሩ፦ «ጋርዲያን» እና «ኢንዲፔንደንት»።

መርዶክ ለምን ደፈረ? ኪሱ ወፍራም ስለነበር ብቻ አይመስለኝም። 350 ሺህ ቅጂ ላይ 10 ሳንቲም መቀነስ በቀን 35 ሺህ ፓውንድ ነው። ቴሌግራፍ ያንኑ 10 ሳንቲም ቢቀንስ በቀን 100 ሺህ ፓውንድ ያወጣል። ትንሽ ድርሻ ያለው ተኩስ ሲከፍት፣ ለተመሳሳዩ ጥይት ትልቁ ሦስት እጥፍ ይከፍላል። የገበያ መሪዎች ትንንሾቹን ለመከተል የሚያመነቱበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው፤ ማመንታታቸውም ብዙ ጊዜ ልክ ነው።

ቴሌግራፍ ዘጠኝ ወር ታገሰ። በእነዚያ ወራት ታይምስ ከ500 ሺህ ቅጂ አልፎ ሄደ፤ ቴሌግራፍ ግን የተነካው በጥቂቱ ነበር። ነገር ግን በ1994 ጸደይ ላይ ሽያጩ ከአንድ ሚሊዮን በታች ወረደ። በሰኔ መጨረሻ የቴሌግራፍ ባለቤት ኮንራድ ብላክ ዋጋውን ከ48 ወደ 30 ሳንቲም አወረደ። በማግስቱ ታይምስ 20 ሳንቲም ገባ። የቴሌግራፍ አክሲዮን ዋጋ በአንድ ጊዜ ሲሶ ያህል ወደቀ። ብላክ ከዚያ ጥቂት ሳምንታት ቀደም ብሎ ብዙ አክሲዮን በውድ ዋጋ ሸጦ ስለነበር የገዙት ሰዎች ተቆጡ፤ የኩባንያው አክሲዮን አሻሻጭ ካዘኖቭም ሥራውን ለቀቀ።

በእኛ ስሌት ብንመዝነው፣ ቴሌግራፍ ከአንድ ቅጂ ሽያጭ ሊያጣ የተዘጋጀው 18 ሳንቲም ከዋጋው ሲሶ በላይ ነበር፤ የሄዱበት አንባቢዎች ግን ከመቶ ጥቂቶች ነበሩ። በጋዜጣው ሽያጭ ብቻ ከታየ ዝም ማለት ነበረበት። ግን የጋዜጣ ዋና ገቢ ያኔ ማስታወቂያ ነበር፤ የማስታወቂያ ዋጋ ደግሞ ከአንባቢ ቁጥር ጋር ይወጣል ይወርዳል። አንድ አንባቢ ሲሄድ ስኳሩና ሳሙናውም አብሮ ይሄዳል። ብላክን ያስደነገጠው አካሄዱም ይመስለኛል፦ ታይምስ በየወሩ ይጨምራል፣ እሱ በየወሩ ይቀንሳል። ከቅነሳው በኋላ ቴሌግራፍ ሚሊዮኑን መልሶ ይዟል። ስለዚህ ውሳኔውን ሞኝነት አልለውም። ስህተቱ ያለው ሌላ ቦታ ነው ባይ ነኝ፤ በተፎካካሪው ዋጋ ላይ ልክ መቆሙ ጦርነቱን ያቆመዋል ብሎ ማሰቡ። መርዶክ ለመውረድ ገና ቦታ ነበረው፤ አሳየውም።

ከዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚያስተምሩት ሁለቱ ሌሎች ናቸው። ጋርዲያን ከውጊያው ውጭ ሆኖ ዋጋውን ሳይነካ 400 ሺህ የሚሆኑ አንባቢዎቹን ይዞ ቆየ። የግራ ዘመም አንባቢ ለ15 ሳንቲም ብሎ የመርዶክን ጋዜጣ አያነሣም። ኢንዲፔንደንት ግን ታይምስ በቀነሰበት ወቅት ዋጋውን ወደ 50 ሳንቲም አሳደገ። የእሱ አንባቢ መሐል ላይ ያለ፣ ታይምስንም ሊያነብ የሚችል ሰው ነበር። በነሐሴ 1994 እሱም ወደ 30 ሳንቲም ሲወርድ አቅሙ ተሟጦ፣ ዋናዎቹ ባለቤቶቹም ተቀይረው ነበር። ዝምታ አንዱን ጠብቆ ሌላውን የጎዳው በአንባቢዎቹ ማንነት ምክንያት ነው። ለባለሱቃችንም ጥያቄው ያው ነው። ዱቤ የሚሰጣቸው፣ ዕቃ ቤታቸው የሚያደርስላቸው ደንበኞች አሉት? ወይስ ሁሉም በመንገድ ሲያልፉ የሚገዙ ናቸው?

የወረቀት ዋጋ በ1995 ሲንር ታይምስም ቴሌግራፍም ዋጋቸውን መልሰው መጨመር ጀመሩ።

ጦርነቱን መቀላቀል ያዋጣበት ሁኔታም አለ፤ እሱም በዚያው በ1993 ነው። አሜሪካ ውስጥ የማርልቦሮ ሲጋራ አምራች ፊሊፕ ሞሪስ ለዓመታት ዋጋ ሲጨምር ቆይቶ፣ ርካሽ ሲጋራዎች ገበያውን ሲበሉበት ሚያዝያ 2 ቀን ከአንድ ፓኬት 40 ሳንቲም እንደሚቀንስ አሳወቀ፤ አንድ አምስተኛ መሆኑ ነው። የኩባንያው አክሲዮን በዚያው ቀን ክፉኛ ወደቀ፤ ቀኑም «የማርልቦሮ ዓርብ» ተብሎ ቀረ። ነገር ግን ማርልቦሮ በዋጋው ላይ የነበረው ትርፍ በጣም ወፍራም ነበር። የርካሾቹ ትርፍ ግን ስስ ስለሆነ ከዚያ በላይ ሊከተሉት አልቻሉም። 22 በመቶ ገደማ የነበረው የማርልቦሮ የገበያ ድርሻ በሁለት ዓመት ውስጥ ወደ 30 በመቶ ደረሰ። ከለንደኑ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ፊሊፕ ሞሪስ ያወረደው ተፎካካሪው ከዚያ በታች ሊወርድበት ወደማይችል ቦታ ነበር፤ ቴሌግራፍ ግን የወረደው ተፎካካሪው ገና ወደሚወርድበት ቦታ ነው።

ስለዚህ ባለሱቁ ዋጋውን ከመንካቱ በፊት ማዶ ያለው ሰው እስከ የት ሊወርድ እንደሚችል ማወቅ አለበት። መጀመሪያ ወሬው እውነት መሆኑን ያጣራ። ደንበኛ ዋጋ ለማስቀነስ የሚለውና ማዶ የሚሸጠው ሁልጊዜ አንድ አይደለም፤ ምርቱ ሌላ፣ ሊትሩም ያነሰ ሊሆን ይችላል። የሠፈር ልጅ ልኮ አንድ ማስገዛት የ1,150 ብር ጥናት ነው፣ ዘይቱም አይጣልም። ከዚያ የሚጠቅመው የጀሪካኑ የአገልግሎት ጊዜ ማብቂያ ነው። ቀኑ ከተቃረበ ጎረቤቱ እያራገፈ ነው፤ ዕቃው ሲያልቅ ዋጋው ይመለሳል። መጋዘኑ ውስጥ ያለው ሃያ ጀሪካን ብቻ ከሆነም ቢፈልግ እንኳ ከሃያ ሰው በላይ ሊወስድ አይችልም። ሦስተኛው ምክንያት ግን ከባድ ነው፦ ጎረቤቱ ሌላ አቅራቢ አግኝቶ በ1,050 እያመጣ ከሆነ፣ በ1,150 ሲሸጥ ባለሱቃችን ያተርፍ የነበረውን 100 ብር እሱም ያተርፋል። እንዲህ ያለውን ሰው ዋጋ በመስበር ማሸነፍ አይቻልም። ያንን አቅራቢ መፈለግ ነው እንጂ።

መቀነስ ግድ ከሆነ ደግሞ ሁሉንም መቀነስ የለበትም። ሰው ዋጋውን በቃሉ የሚያውቀው ጥቂት ዕቃ ነው፤ ዘይት፣ ስኳር፣ ዱቄት። ከእነዚህ አንዱ ላይ፣ ያውም ሁለት ጀሪካን አብሮ ለሚገዛ ብቻ መቀነስ፣ ሱቁ ውድ ነው የሚለውን ወሬ ይገታል፤ ሌላው ትርፍ ሳይነካ ይቀራል።

አንዳንዱ አቋራጭ ይመርጣል፤ ተሻግሮ «ወንድሜ፣ ምን ያጋጨናል? ሁለታችንም 1,200 እንበል» ይላል። ሽምግልና ቢመስልም ሕገ ወጥ ነው። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ተፎካካሪዎች ዋጋ እንዳይወስኑ ከልክሏል። ገበያ ላይ የበላይነት ያለው ድርጅትም ውድድርን ለማደናቀፍ ከወጪው በታች እንዳይሸጥ ይኸው አዋጅ ያግዳል። ሁለተኛው ክልከላ ግን የሠፈር ሱቅን አይመለከትም ለማለት ይቻላል፤ የሚመለከተው ገበያውን የተቆጣጠረውን ነው።

የሚቀላቀል ሰው ከመጀመሩ በፊት ሁለት ቁጥር ወረቀት ላይ ያስፍር፦ ከየትኛው ዋጋ በታች እንደማይወርድና ከኪሱ በድምሩ ስንት ብር ለማጣት እንደተዘጋጀ። ባለሱቃችን 1,120 እና 15,000 ብር ብሎ ጽፏል እንበል። በ1,120 ሲሸጥ ከቀድሞው ትርፉ በሳምንት 8,000 ብር ያጣል፤ ሁለተኛው ሳምንት ሳያልቅ ገንዘቡ ያልቃል። ጎረቤቱ በዚያን ጊዜም 1,120 ላይ ከሆነ፣ ባለሱቁ ወደ 1,200 ተመልሶ በዘይት የማይመጡ ደንበኞቹን ይቆጥራል።