ጄነሬተሩን መግዛት ወይስ መከራየት?

ለሥራ የሚያስፈልግ መሣሪያ በግዢም በኪራይም ይገኛል። የሁለቱ ልዩነት የባለቤትነት ስም ብቻ አይደለም። ገንዘቡ መቼ ከኪስ ይወጣል፣ ግብሩን ስንት ያቃልላል፣ ዕቃው ሲያረጅ የሚያወጣው ዋጋስ የማን ነው የሚሉት ጥያቄዎች ናቸው ውሳኔውን ከባድ የሚያደርጉት። «ሊዝ» ሲባል የከተማ ሰው ቀድሞ የሚያስበው መሬትን ነው። የማሽን ኪራይም ግን በኢትዮጵያ የራሱ ሕግ አለው። አዋጅ ቁጥር 103 በ1990 ዓ.ም. የወጣው የካፒታል ዕቃ ኪራይ ንግድን ሥርዓት ለማስያዝ ሲሆን፣ በ2005 ዓ.ም. ደግሞ ተሻሽሏል።

በአንድ ስም የሚጠሩ ሁለት በጣም የተለያዩ ነገሮች አሉ። በፋይናንስ ኪራይ ተከራዩ የሚፈልገውን ማሽን ይመርጣል፣ አከራዩ ገዝቶ ያስረክበዋል፣ ተከራዩም ዋጋውን ከነወለዱ በየጊዜው እየከፈለ ሲጨርስ ማሽኑ አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ይሆናል። የኢትዮጵያ ልማት ባንክ ይህን አገልግሎት ሲሰጥ ተከራዩ የዋጋውን 20 በመቶ አዋጥቶ ቀሪውን 80 በመቶ ባንኩ ይሸፍናል። አዲስ ካፒታልና ዋልያ ካፒታልን የመሰሉ የካፒታል ዕቃ ፋይናንስ ተቋማትም በዚሁ ሥራ ተሰማርተዋል። ሁለተኛው ዓይነት ተራው ኪራይ ነው። ዕቃው ምንጊዜም የአከራዩ ነው፤ ጥገናውን አብዛኛውን ጊዜ እሱ ይችላል፤ ውሉ ሲያልቅም መልሶ ይወስደዋል። ሕዝቡ በየዕለቱ «ተከራየሁት» የሚለው ይህኛውን ነው።

አንድ ማተሚያ ቤት እንውሰድ። አዲስ አበባ ውስጥ በኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበርነት የተቋቋመ፣ በትርፉ ላይ 30 በመቶ ግብር የሚከፍል ድርጅት ነው። መብራት በሄደ ቁጥር ማሽኑ ቆሞ የተጀመረው ኅትመት ይበላሻል፤ ስለዚህ ጄነሬተር ያስፈልገዋል። ለስሌት እንዲመች የጄነሬተሩ ዋጋ 2,000,000 ብር፣ የዓመት ኪራዩ 550,000 ብር፣ የሚያገለግልበት ጊዜ 5 ዓመት ነው እንበል። ናፍጣው ቢገዛም ቢከራይም ያው ስለሆነ ሒሳቡ ውስጥ አይገባም። ለምርጫው ለውጥ የማያመጣ ወጪ ሲጨመር ሒሳቡን ከማደናገር ሌላ ጥቅም የለውም።

ማተሚያ ቤቱ በራሱ ጥሬ ገንዘብ ቢገዛ በመጀመሪያው ቀን 2,000,000 ብር ይወጣል። የግብር ሕጉ ግን ይህን ገንዘብ በአንድ ዓመት ወጪ አድርጎ አይቀበልም፤ በእርጅና ቅናሽ በየዓመቱ ተከፋፍሎ እንዲቀነስ ያደርጋል። በገቢ ግብር ደንብ ቁጥር 410/2009 መሠረት ለእንዲህ ዓይነት ማሽን ቀጥተኛው ዘዴ በዓመት 15 በመቶ፣ ማለትም 300,000 ብር ይፈቅዳል። ግብር የሚከፈልበት ትርፍ በ300,000 ብር ሲያንስ ግብሩ በ90,000 ብር ይቀንሳል። ለጥገናና ለመድን በዓመት 80,000 ብር ቢወጣ፣ እሱም ከትርፍ ስለሚቀነስ እውነተኛው ጫና 56,000 ብር ነው። በ5ኛው ዓመት መጨረሻ ጄነሬተሩ በ800,000 ብር ቢሸጥ፣ በመዝገብ የቀረው ዋጋ 500,000 ብር ስለሆነ 300,000 ብሩ ትርፍ ተብሎ ግብር ይከፈልበታል። ከሽያጩ በእጅ የሚቀረው 710,000 ብር ይሆናል። ይህ ሁሉ ሲደመርና ሲቀነስ የ5 ዓመቱ የግዢ ወጪ 1,120,000 ብር ነው።

በኪራይ በኩል ስሌቱ አጭር ነው። በየዓመቱ መጀመሪያ 550,000 ብር ይከፈላል። ሙሉው ወጪ ተብሎ ስለሚያዝ 165,000 ብር ግብር ይቀንሳል። የ5 ዓመቱ ድምር 1,925,000 ብር ይደርሳል። በዚህ ንጽጽር ግዢው በ805,000 ብር ይረክሳል፤ ብዙ ሰውም እዚህ ላይ ወረቀቱን አጥፎ ወደ ሻጩ ይሄዳል።

ስሌቱ ግን ገና ግማሹ ነው። ገዢው ገንዘቡን ዛሬ ሲያወጣ ተከራዩ በ5 ዓመት ከፋፍሎ ነው የሚያወጣው። ማተሚያ ቤቱ ከባንክ በ17 በመቶ ወለድ ይበደራል ብንል፣ ከሚከፍለው ከእያንዳንዱ 100 ብር ወለድ 30 ብሩ በግብር ቅናሽ ስለሚካካስ፣ ገንዘብ በእውነት የሚያስወጣው 12 በመቶ ገደማ ነው። በዚህ መለኪያ ከ5 ዓመት በኋላ የሚገኝ 100 ብር ዛሬ የሚመዝነው 57 ብር ያህል ብቻ ነው። እያንዳንዱ ክፍያና እያንዳንዱ የግብር ቅናሽ እንደሚውልበት ጊዜ በዛሬ ዋጋ ሲመነዘር ግዢው ወደ 1,475,000 ብር፣ ኪራዩ ወደ 1,626,000 ብር ይመጣል። የ805,000 ብሩ ልዩነት ወደ 150,000 ብር ገደማ ወረደ። ግዢው አሁንም ይሻላል፤ ብልጫው ግን በአንድ የተሳሳተ ግምት ሊጠፋ የሚችል ነው።

አደገኛው ግምት ደግሞ የአሮጌው ጄነሬተር መሸጫ ነው። በ800,000 ፋንታ 400,000 ብር ብቻ ቢያወጣ የግዢው ወጪ ወደ 1,633,000 ብር ይወጣና ከኪራዩ ጋር ይተካከላል። ዋጋው ከፍ ቢልስ? ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ሲለቀቅ አንድ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። ከውጭ የሚገባ ማሽን አስቀድሞ የገዛ ሰው ዕቃው እያረጀም በብር ሲተመን ዋጋው ሲያድግ አየ። ጄነሬተሩ በ5ኛው ዓመት 1,500,000 ብር ቢያወጣ የግዢው ወጪ ወደ 1,200,000 ብር ይወርዳል። ብር አቅሙን በሚያጣበት አገር ባለቤትነት ያለው ትልቁ ጥቅም እዚህ ላይ ነው። ግብሩ ግን ይህን አያይለትም፤ የእርጅና ቅናሹ የሚሰላው መጀመሪያ በተገዛበት ዋጋ ስለሆነ ምንዛሪው ቢለወጥም በየዓመቱ የሚቀነሰው ያው 300,000 ብር ነው።

ወጪው ግዢን ቢደግፍም ጥሬ ገንዘቡ ሊከለክል ይችላል። ማተሚያ ቤት የሚኖረው በወረቀት ነው። ወረቀት በጅምላ ተገዝቶ መጋዘን ይገባል፣ ሥራው ታትሞ ይሰጣል፣ የደንበኛው ክፍያ ደግሞ ከወራት በኋላ ይመጣል። 2,000,000 ብሩን፣ ከላዩም 15 በመቶ ተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ማለትም 300,000 ብር፣ በአንድ ቀን ለጄነሬተር የከፈለ ማተሚያ ቤት መብራት አግኝቶ ወረቀት ሊያጣ ይችላል። ታክሱን የተመዘገበ ድርጅት ከሚሰበስበው ላይ ያቀናንሰዋል፤ ገንዘቡ ግን ቀድሞ ይወጣል፤ ያልተመዘገበ ከሆነም ጨርሶ ወጪ ሆኖ ይቀራል። በኪራይ በመጀመሪያው ቀን የሚያስፈልገው 550,000 ብርና ታክሱ ነው።

የፋይናንስ ኪራይ ቦታውን የሚያገኘው በዚህ መካከል ነው። 20 በመቶው 400,000 ብር ይዋጣል፤ የቀረው 1,600,000 ብር በ17 በመቶ ወለድ ለ5 ዓመት ሲከፋፈል የዓመቱ ክፍያ 500,000 ብር ገደማ ነው። ጠቅላላው 2,900,000 ብር ይደርሳልና አኃዙ ያስደነግጣል። ሆኖም የኢትዮጵያ የገቢ ግብር አዋጅ በፋይናንስ ኪራይ ተከራዩን እንደ ባለቤት፣ አከራዩን እንደ አበዳሪ ስለሚቆጥር ተከራዩ የእርጅና ቅናሹንም ወለዱንም ከትርፉ ይቀንሳል። ክፍያው በዛሬ ዋጋ ሲመነዘር ከግዢው ጋር ይቀራረባል፤ በተበደሩበት ወለድ ስለተለካ እንዲያ መሆኑ የግድ ነው። ትልቁ ልዩነት የመጀመሪያው ቀን ገንዘብና መያዣው ነው። የባለቤትነት ስሙ እስከ መጨረሻው ክፍያ በአከራዩ ስለሚቆይ ማሽኑ ራሱ ዋስትና ይሆናል። ቤት አስይዞ የመበደር አቅም ለሌለው ድርጅት ይህ ትልቅ ነገር ነው። ክፍያ ሲቋረጥ ግን ማሽኑ ይወሰዳል።

እዚህ ላይ ብዙዎች የሚሳሳቱበት የወለድ አገላለጽ ነው። አንድ አከራይ «12 በመቶ ብቻ» ሲል ወለዱ የሚሰላው በቀሪው ዕዳ ላይ ነው ወይስ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሙሉው ዕዳ ላይ? በሙሉው 1,600,000 ብር ላይ 12 በመቶ ለ5 ዓመት ከታሰበ ወለዱ በዓመት 192,000 ብር፣ የዓመቱ ክፍያም 512,000 ብር ይሆናል። ይህ በቀሪ ዕዳ ከሚሰላው የ17 በመቶ ክፍያ ይበልጣል፤ እውነተኛ ወለዱም 18 በመቶ ገደማ ነው። ማጣሪያው ቀላል ነው፤ የዓመቱን ክፍያ በጽሑፍ ጠይቆ ማወዳደር።

የግብሩ ጥቅም የሚገኘው ግብር ላለበት ብቻ ነው። ማተሚያ ቤቱ ኪሳራ ላይ ከሆነ ወይም የግብር እፎይታ ካለው ተከራይ ሆኖ በየዓመቱ የሚያገኘው የነበረው 165,000 ብር ይቀርበታል። ገዢ ቢሆን የሚቀርበት ከእርጅና ቅናሹና ከጥገናው የሚመጣው 114,000 ብር ነው። ግብር የማይከፍል ድርጅት ላይ ስለዚህ ኪራይ ይበልጥ ይከብዳል። በግምት ግብር የሚከፍል አነስተኛ ነጋዴም ወጪው ግብሩን ስለማይለውጥለት ከዚህ ሒሳብ የግብሩን መስመር ማውጣት አለበት። ሌላው የሚያሳዝን ነገር ያለ ደረሰኝ የሚደረግ ኪራይ ነው። አከራዩ «ደረሰኝ ካልፈለግክ እቀንስልሃለሁ» ብሎ 550,000 ብሩን ወደ 450,000 ያወርዳል። ማስረጃ የሌለውን ወጪ ግብር ሰብሳቢው አይቀበለውም፤ ስለዚህ ከግብር በኋላ 385,000 ብር ብቻ የሚያስወጣው ኪራይ ሙሉ 450,000 ብር ሆኖ ይቀራል። ቅናሽ የመሰለው ነገር በዓመት 65,000 ብር አስከፈለ።

ለዚህ ማተሚያ ቤት ፍርዱ ይህ ነው፤ ሥራው ለ5 ዓመት የሚቀጥል፣ ትርፉም ግብር የሚያስከፍል ከሆነ በ400,000 ብር መዋጮ የፋይናንስ ኪራይ ይዋዋል፤ የቀረውን ገንዘብም ለወረቀት ያውለው። ጄነሬተሩ የሚፈለገው ለአንድ ትልቅ የኅትመት ውል፣ ለአንድ ወይም ለሁለት ዓመት ከሆነ ግን በደረሰኝ ይከራይ።