ውኃ የነካው ስልክ ስለምን እየጠፋ ይበራል?

ውኃ የነካው አይፎን በየ3 ደቂቃው ገደማ ጠፍቶ ሲበራ ብዙዎች ባትሪውን ይጠረጥራሉ። ብዙ ጊዜ ግን ጉዳቱ የቻርጀር መሰኪያውን ከቦርዱ በሚያገናኘው ስስ ገመድ ላይ ነው፤ በዚያ ያለው ሴንሰር መልስ ሳይሰጥ ሲቀር ተቆጣጣሪው ፕሮግራም ስልኩን ራሱ አጥፍቶ ያስነሣዋል።

ሴንሰሩን ዝም የሚያሰኘው ዝገት ነው። ጨው ያለበት ውኃ ኤሌክትሪክ ካገኘ መዳቡን ወዲያው ማሟሟት ይጀምራል፤ በኋላ የሚታየው አረንጓዴ ቅሪት ከዚያ የመጣ ነው።

ስለዚህ በመጀመሪያው ሰዓት ዋናው ሥራ ኃይሉን ማቋረጥ ነው። ስልኩን አጥፉት፤ ቻርጀር አትሰኩበት፤ «ደርቆ ይሆን?» ብላችሁም መልሳችሁ አታብሩት። መሰኪያውን ወደ ታች አድርጋችሁ አንጠፍጥፉት። ሩዝ፣ መቼም የማይቀር ምክር ነው፣ ጨውን አያወጣም። ስልኩ ቢጠፋም ባትሪው ከቦርዱ ጋር እንደተያያዘ ስለሚቆይ፣ በዚያው ቀን ባትሪውን ነቅሎ ቦርዱን በአይሶፕሮፒል አልኮል ወደሚያጥብ ባለሙያ ውሰዱት።