ቡትካምፕ ወይስ ፈተናው ብቻ?

ከሒሳብ ሥራ ወደ ዳታ ትንተና ልዞር ስነሣ ጓደኞቼ «ቡትካምፕ ግባ» አሉኝ። እኔ ግን የማይክሮሶፍቱን ፒኤል-300 በራሴ አጥንቼ ተፈተንኩ። ቡትካምፕ የሚሰጠው የራሱን ወረቀት ነው፤ ለፒኤል-300 የተማረም ያልተማረም ያው ከ1000 ቢያንስ 700 ማምጣት አለበት። ማጥኛው በማይክሮሶፍት ድረ ገጽ ነፃ ነው፤ ፓወር ቢአይ ዴስክቶፕም እንዲሁ (ዊንዶውስ ግን ይፈልጋል)።

ለብቻ ሲያጠኑ የሚጎድለው አራሚ ነው። ለምሳሌ ሽያጭንና በጀትን በወር አሰልፋችሁ፣ የበጀቱ ዓምድ በየወሩ የዓመቱን ድምር ከደገመ፣ ቀመሩን ከመነካካታችሁ በፊት ግንኙነቱን እዩ፤ ብዙ ጊዜ የበጀቱ ሠንጠረዥ ከቀን ሠንጠረዡ ጋር አልተገናኘም ማለት ነው። ድምሩ እንደማያስኬድ ዓይኑ ቶሎ ለሚይዝለት፣ ኤክሴል ላይ ለኖረ ሰው ፈተናው ብቻ ይበቃዋል። ቁጥር አይቶ ለማይጠራጠር ጀማሪ ግን፣ መምህሩ ሥራውን እያየ የሚያርም ከሆነ፣ ቡትካምፑ ያዋጣዋል። ቪዲዮ ብቻ ከሆነ ምኑን ከፈለው?