ከ«እኛ» ወደ «እርስዎ»፦ አንባቢን የሚያገኝ ማስታወቂያ

በአማርኛ ማስታወቂያ ውስጥ «እኛ» የሚለው ቃል ራሱ እምብዛም አይታይም፤ በግሱና በስሙ ጫፍ ተሸሽጎ ይቀመጣል። አንድ የውሃ አገልግሎት መሥሪያ ቤት እንዲህ ብሎ ጻፈ እንበል፦ «ውድ ደንበኞቻችን፣ አገልግሎታችንን ለማዘመን ባደረግነው ጥረት የውሃ ሂሳብ በስልክ የሚከፈልበትን አሠራር መዘርጋታችንን በታላቅ ደስታ እንገልጻለን።» በዚህ አንድ ዓረፍተ ነገር «እኛ» አምስት ጊዜ ተነግሯል። አንባቢው የተጠቀሰው «ደንበኞቻችን» በሚለው ብቻ ነው፤ እዚያም የጸሐፊው ንብረት ሆኖ። ምን ማድረግ እንዳለበት ግን አልተነገረውም።

ማስተካከያው ተውላጠ ስም በመለወጥ አይጀመርም። መጀመሪያ አንባቢው ከመልእክቱ በኋላ ምን እንደሚያደርግ ይጠየቃል፤ መልሱም የዓረፍተ ነገሩ ማሰሪያ ግስ ይሆናል። እዚህ ላይ መልሱ «መክፈል» ነው፦ «ከሐምሌ 1 ጀምሮ የውሃ ሂሳብዎን ቤትዎ ሆነው በስልክዎ መክፈል ይችላሉ። የደንበኛ ቁጥርዎን ከደረሰኝዎ ላይ ያገኙታል።» ጥረቱም ደስታውም ወጥተዋል፤ የጎደለ ነገር ግን የለም።

ቀጥሎ የሚመጣው ምርጫ የአማርኛ ጸሐፊን በእጅጉ ይፈትናል። «ክፈል» ሴቷን ያስቀራል፣ «ክፈይ» ወንዱን። «ክፈሉ» ለዕድር አባላት ወይም ለተማሪዎች ይስማማል፤ ማስታወቂያውን ብቻውን ለሚያነብ ሰው ግን ለጉባኤ የተነገረ ይመስላል። ለማይታወቅ አንድ አንባቢ የሚሻለው «እርስዎ» ነው፤ ያከብራል፣ ጾታም አይለይም።

«እርስዎ» ግን አንድ ወጥመድ አለው። «በስልክ ይከፍላሉ» ሲባል እርስዎም፣ እሳቸውም፣ እነሱም ሊሆኑ ይችላሉ፤ የግሱ ቅርጽ አንድ ነው። አንባቢው ስለ ሌሎች የተጻፈ መስሎት ሊያልፈው ይችላል። ጥርጣሬውን የሚያጠፋው «ዎ» ነው፤ «ሂሳብዎን» የሚለው ቃል ከግሱ ቀድሞ ስለሚመጣ፣ አንባቢው ዓረፍተ ነገሩን ሳይጨርስ የተጠራው እሱ መሆኑን ያውቃል። የተለመደው ስሕተት ደግሞ በ«ይክፈሉ» ጀምሮ በ«ካልከፈላችሁ» መጨረስ ነው። ጽሑፉን ጮክ ብሎ ማንበብ ይህን ወዲያው ያጋልጣል።

ይህ ለውጥ ወቀሳ ባለበት ቦታ ይጎዳል። «የሰኔን ሂሳብ አልከፈሉም» የሚለው ጣት ይቀስራል፤ ሰውየው ከፍሎ ገንዘቡ መንገድ ላይ ቀርቶ ሊሆንም ይችላል። «የሰኔ ክፍያዎ እስካሁን አልደረሰንም» ቢባል እውነቱ ሳይጓደል ክሱ ይቀራል። ጥፋቱ የላኪው በሚሆንበት ጊዜ ደግሞ «እኛ» መመለስ አለበት። «የተሳሳተ ሂሳብ ደርሶዎታል» የሚል ጽሑፍ ጥፋተኛውን ይደብቃል፤ ትክክለኛው «የተሳሳተ ሂሳብ ልከንልዎታል፤ ይቅርታ እንጠይቃለን» የሚለው ነው።